«ትልቁን ሥራ ያዝ» የሚለው ምክር ተማሪን ያከስራል

ብስራተ ገብርኤል ካፌ ውስጥ ላፕቶፑን ከፍቶ በፍሪላንስ ድረ ገጽ ለሚሠራ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሁሉም መካሪ ነው። «በጥቃቅን ሥራ ጊዜህን አታባክን፣ ትልቁን ያዝ» ይሉታል። ምክሩ ስህተት ነው።

ሒሳቡ ይታይ። የአንድ ሱቅ ሙሉ ድረ ገጽ 60 ሰዓት ይፈጃል እንበል። ተማሪው ከትምህርቱ የሚተርፈው በሳምንት 10 ሰዓት ነውና በ6 ሳምንት አስረክባለሁ ብሎ ይዋዋላል። መሃል ላይ የ2 ሳምንት ፈተና ይመጣል፤ ደንበኛውም ማስተካከያ መጠየቁ አይቀርም። ስድስቱ ሳምንት ዘጠኝ ይሆናል። ያኔ ወይ ደንበኛው ይሄዳል፣ ወይ ውጤቱ ይወርዳል።

መብራትና ኢንተርኔት ሲጨመሩበት ደግሞ ይብሳል። ሰኔ 23 ቀን 2012 ኢንተርኔት ሲቋረጥ ከ2 ሳምንት በላይ ቆይቷል። ያን ጊዜ ሥራውን አስረክቦ የጨረሰና ገና ግማሽ ላይ የነበረ ሰው እኩል አልተጎዱም።

ይኸው ተማሪ የዕቃ ማሳያ ገጹን ብቻ ቢወስድ 10 ሰዓት ይበቃዋል። ግማሽ ቀብድ ተቀብሎ፣ ማስተካከያው ከ2 ጊዜ እንዳይበልጥ በጽሑፍ ተስማምቶ፣ ፈተና ሳይደርስ ያስረክባል።

«በትንሽ ሥራ ሙያ አይገኝም» የሚሉም አሉ። ዕቃ ማሳያ፣ ቀጥሎ የትዕዛዝ ቅጽ፣ ቀጥሎ የክፍያ ገጽ የሠራ ልጅ ግን ሲመረቅ ሙሉ ሱቅ መሥራት ችሏል። ቀጣሪው ፊት የሚያቀርበውም ሦስት ያለቁ ሥራዎችን ነው። በጅምር የቀረ ትልቅ ሥራ ግን ለማንም አይታይም።