«3:52» ብለህ ብትጽፍ ባንኩ የትኛውን 3:52 ይረዳል?



በቀደም አንድ ወዳጄ ለባንኩ የላከውን ኢሜይልና የመጣለትን መልስ አሳየኝ። እሱ ሳያዝ ከሞባይል ባንኪንጉ 24,500 ብር ወጥቶበታል። የባንኩ መልስ አጭር ነበር፤ «ያሳወቁን ዝውውሮቹ ከተፈጸሙ በኋላ በመሆኑ ጥያቄዎን ልናስተናግድ አልቻልንም» ይላል። ወዳጄ ግን ከሦስቱ ዝውውሮች አንዱ የተፈጸመው እሱ ደውሎ «ዝጉልኝ» ካለ በኋላ ነበር። ተናደደ፣ ባንኩ ዋሸ አለ። እኔ ኢሜይሉን ሳነበው ግን ባንኩ ያን መልስ የሰጠው ከራሱ ከወዳጄ ጽሑፍ ተነስቶ ሊሆን እንደሚችል ታየኝ። ኢሜይሉ ይህ ነበር፦

«ተዘርፌያለሁ! ማክሰኞ ከዒሻ በኋላ ስልኬ ኔትወርክ አልነበረውም። በነጋታው 24,500 ብር ወጥቶ አገኘሁ። የመጨረሻው የወጣው 10:35 ላይ ነው። 3:52 ላይ ደውዬ ነበር፣ የሰማኝ የለም። ይህን የሠራው ከውስጣችሁ ያለ ሰው ነው። ገንዘቤን ባስቸኳይ ካልመለሳችሁ በሚዲያ አወጣችኋለሁ!»

ሁለቱን ሰዓቶች ልብ በሉ። 10:35 የተገለበጠው ከባንኩ አጭር መልእክት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 4:35 ማለት ነው። 3:52 ግን ወዳጄ በራሱ አቆጣጠር የጻፈው ነው፤ ጠዋት 3:52፣ በባንኩ ሲስተም 09:52። ቀኑን ሙሉ የፈረንጅ ሰዓት ሲያይ የሚውል ሠራተኛ 3:52ን ከሰዓት በኋላ አድርጎ ቢያነበው አይፈረድበትም። እንዲያ ሲነበብ ደግሞ ጥሪው ከዝውውሩ በኋላ ይሆናል። የወዳጄ ዋና ማስረጃ በገዛ እጁ ተገለበጠበት።

እንደኔ እንደኔ፣ እንዲህ ባለው አቤቱታ ላይ ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ «ስንት ተወሰደ?» ሳይሆን «ለባንኩ ያሳወቅኩት መቼ ነው?» የሚለው ነው። ከማሳወቅህ በፊት ለወጣው ገንዘብ ባንኩ «ፒንህን ለሰው ሰጥተህ ይሆናል» ብሎ ሊከራከርህ ይችላል። ካሳወቅከው በኋላ ለወጣው ግን «ነግሬህ ሳለ ለምን አልዘጋኸውም?» ብለህ የምትጠይቀው አንተ ነህ። ገንዘቡን በአንድ ድምር «24,500» ብለህ ስታቀርበው ይህ ልዩነት ይጠፋል።

ስለዚህ ኢሜይሉን አብረን እንደ አዲስ ጻፍነው፦

«ርዕስ፦ ያልፈቀድኳቸው 3 ዝውውሮች፣ በድምሩ 24,500 ብር፣ በ21 እና 22/10/2025

ስሜና ስልክ ቁጥሬ ከታች ተጽፏል። የሂሳቤ ቁጥር የመጨረሻ አራት አሃዞችም አብረው አሉ። ቀኖቹ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ሰዓቶቹ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ናቸው።

ማክሰኞ 21/10/2025 (ጥቅምት 11 ቀን 2018)
19:40 ስልኬ ኔትወርክ እንደሌለው አየሁ።
20:12 ከሂሳቤ 10,000 ብር ወጣ።
20:14 8,500 ብር ወጣ።

ረቡዕ 22/10/2025 (ጥቅምት 12 ቀን 2018)
09:10 የቴሌኮም አገልግሎት ማዕከል ሄጄ ሲም ካርዴን አስመለስኩ። በዋዜማው ምሽት በሌላ ቦታ በስሜ ምትክ ሲም መውጣቱን ነገሩኝ።
09:40 ሂሳቤን ሳይ ሁለቱን ዝውውሮች አወቅሁ።
09:52 ለጥሪ ማዕከላችሁ ደውዬ ሞባይል ባንኪንጉ እንዲዘጋ ጠየቅሁ። ቅርንጫፍ እንድሄድ ተነገረኝ። ጥሪው 6 ደቂቃ ቆየ።
10:35 ቅርንጫፍ ወረፋ ላይ ሳለሁ 6,000 ብር መውጣቱን የሚገልጽ መልእክት ደረሰኝ።
10:50 ቅርንጫፉ አገልግሎቱን ዘጋ።

ሦስተኛው ዝውውር የተፈጸመው ካሳወቅኩ ከ43 ደቂቃ በኋላ ነው።

የምጠይቀው፦ አንደኛ፣ 6,000 ብሩ እንዲመለስልኝ። ሁለተኛ፣ 18,500 ብሩ ተጣርቶ ውሳኔው በጽሑፍ እንዲሰጠኝ። ሦስተኛ፣ የ09:52ቱ የጥሪ ቅጂ እንዳይጠፋ እንዲቀመጥ። አራተኛ፣ ገንዘቡ በገባባቸው ሂሳቦች ላይ የቀረ ካለ እንዲታገድ።

አባሪ፦ የሂሳብ መግለጫ ከሦስቱ የዝውውር ቁጥሮች ጋር፣ የጥሪ ታሪክ ስክሪንሾት፣ የ10:35ቱ መልእክት ስክሪንሾት።»

ቁጣው ከኢሜይሉ ወጣ እንጂ የወዳጄ ጉዳት አልቀነሰም። ምን ተቀየረ? መጀመሪያ፣ «ከዒሻ በኋላ» የሚለው ወጣ። እኔና እናንተ ያ ስንት ሰዓት ገደማ እንደሆነ እናውቃለን፤ የባንኩ ሲስተም ግን በዒሻ አይፈልግም። ቀጥሎ «ከውስጣችሁ ያለ ሰው ነው» የሚለው ወጣ። ወዳጄ ይህን አላየም፣ ጠርጥሮ ነው። ያየው ኔትወርኩ መጥፋቱንና ምትክ ሲም መውጣቱን ነው፤ ለመርማሪው አቅጣጫ የሚሰጠውም ይሄ ነው። ያላየኸውን ስትጨምር ክርክሩ በእሱ ላይ ይሆንና በማስረጃ የያዝከው ነገር ይረሳል።

በሌላ በኩል ደግሞ የማይመችህን አትደብቅ። ደዋይ አታሎህ በመልእክት የመጣልህን የማረጋገጫ ቁጥር ነግረኸው ከሆነ፣ ያንንም በሰዓቱ ቦታ ላይ ጻፈው። ቁጥሩ መቼ እንደተላከ ባንኩ መዝገብ ላይ ያገኘዋል። አንተ ሳትናገር እሱ ካገኘው ቀሪውን ቃልህንም አያምንህም።

ሰዓቶቹን ከየት እንደምታመጣም ተጠንቀቅ። ኔትወርክ ከጠፋ በኋላ ሲመለስ መልእክቶች ዘግይተው ይገባሉ። ስለዚህ ስልክህ ላይ መልእክቱ የገባበት ሰዓትና ዝውውሩ የተፈጸመበት ሰዓት ሊለያዩ ይችላሉ። ለዝውውሩ መልእክቱ ውስጥ ወይም የሂሳብ መግለጫው ላይ የተጻፈውን ውሰድ። በብዙ ባንኮቻችን FT ብሎ የሚጀምረው የዝውውር ቁጥርም እዚያው አለ። ለጥሪው የስልክህን የጥሪ ታሪክ ተጠቀም፤ ሳይጠፋ ዛሬውኑ ስክሪንሾት አድርገው። በቃል ብቻ የምታስታውሰውን «ገደማ» ብለህ ለይተህ ጻፍ። ፒን ግን በምንም ምክንያት ኢሜይል ላይ አይጻፍም።

«ኢሜይል ማን ያነበዋል?» የሚል ይኖራል። እውነት አለው፣ ብዙ ኢሜይል ሳይመለስ ይቀራል። ወዳጄ ያደረገው ያንኑ ጽሑፍ በሁለት ቅጂ አትሞ፣ ፈርሞ ቅርንጫፉ መውሰድ ነበር። አንዱን ሰጥቶ በሌላው ላይ ቀንና ማኅተም አስመታበት። ለፖሊስም ሲያመለክት ያንኑ የጊዜ ሰሌዳ ነው የሰጠው፤ በሁለት ቦታ ሁለት ዓይነት ታሪክ አልተመዘገበም። ባንኩ እምቢ ካለም ወደ ብሔራዊ ባንክ የሚሄደው ይህንኑ ይዞ ነው፤ እዚያ ስትደርስ በመጀመሪያ ለባንክህ አመልክተህ እንደነበር ማሳየት አለብህና።

መጨረሻው ምን ሆነ? 6,000 ብሩ ተመለሰለት። 18,500ው ገና እየተጣራ ነው፤ ላይመለስም ይችላል። ጥሩ ኢሜይል የተወሰደን ገንዘብ ሁሉ አያስመልስም። ግን ያቺ 6,000 ብር መጀመሪያም የእሱ ነበረች፤ ለመጀመሪያው «አይሆንም» ያበቃቻት በሁለት አቆጣጠር የተጻፈች አንዲት ሰዓት ነች።