ሌብል ማተም መላክ አይደለም

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አንዲት ወዳጄ ለታናሽ እህቷ ሠርግ የምትለብሰውን ቀሚስ ኢንተርኔት ላይ አዘዘች። ቀኑ ማርች 3 ነበር። ቀሚሱ ጥቁር አረንጓዴ ሳቲን ነው፤ ወገቡ ላይ ጠበቅ ብሎ ወደ ታች ይለቀቃል። ዋጋው ከማጓጓዣው ጋር 186 ዶላር ሆነ። ሱቁ የሚነግደው በኢንስታግራም ማስታወቂያ ሲሆን፣ ዕቃው በ10 የሥራ ቀን ውስጥ እንደሚላክ ገጹ ላይ ጽፏል። ሠርጉ ሜይ 16 ስለነበር ቢሰፋት ወይም ቢረዝምባት እንኳ ልብስ ሰፊ ጋ ወስዳ የምታስተካክልበት ጊዜ ነበራት። በክሬዲት ካርዷ ከፈለች።

ማርች 16 ላይ Your order is on the way የሚል ኢሜይል ደረሳት። የመከታተያ ቁጥርም አብሮ ነበር። ቁጥሩን ስትጫነው የፖስታ ቤቱ ገጽ ተከፈተና Shipping Label Created, USPS Awaiting Item አላት። ሌብል የሚለውን አየች፣ የፖስታ ቤቱን ስም አየች፣ ቀሚሱ መንገድ ላይ ነው ብላ ስልኳን ዘጋች። ከሳምንት በኋላ ስታየው ያው ጽሑፍ ነው። ኤፕሪል ገባ፤ አሁንም ያው። ለሻጩ ስትጽፍለት ፖስታ ቤቱ ስለተጨናነቀ ትንሽ እንድትታገስ መለሰላት። እንደገና ስትጽፍ ዕቃው ማከፋፈያ ጣቢያ ላይ ሳይቆይ እንዳልቀረ ነገራት። ሦስተኛው መልስ ይቅርታ ከልብ መሆኑን የሚገልጽ፣ የአበባ ሥዕል ያለበት መልእክት ነበር።

ሜይ 5 ቁጥሩን ይዛ ሰፈሯ ያለው ፖስታ ቤት ሄደች። መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ቁጥሩን አስገባችና ማያዋን አየች። «ቁጥሩ አለ፤ ዕቃው ግን እኛ እጅ ገብቶ አያውቅም» አለቻት። ሰባት ሳምንት ሙሉ ስትከታተለው የነበረው አንድ ሻጭ ኮምፒውተሩ ላይ ያሳተመውን ወረቀት ነበር።

ይህን ታሪክ የማነሳው ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚሁ ቦታ ላይ ስለሆነ ነው። ሻጭ ሌብል ለማተም ፖስታ ቤት መሄድ አያስፈልገውም። ቢሮው ወይም ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ ሂሳቡን በኢንተርኔት ከፍሎ ያትመዋል፤ የመከታተያ ቁጥሩም በዚያው ቅጽበት ይፈጠራል። በፖስታ ላይ አድራሻ ጽፎ ጠረጴዛ ላይ እንደመተው ያለ ነገር ነው። ቀሚሱ መጋዘን ውስጥ ይኑር፣ ገና ይሰፋ፣ ጭራሹኑ አይኑር፣ ቁጥሩ የሚናገረው ነገር የለም። ብዙ የኢንተርኔት መደብሮች የሚጠቀሙበት ሶፍትዌር ደግሞ ሌብሉ እንደታተመ ትእዛዙን እንደተፈጸመ ይቆጥርና «ዕቃዎ መንገድ ላይ ነው» የሚለውን ኢሜይል በራሱ ይልካል። በመሆኑም ማንም ሰው አፉን ከፍቶ ሳይዋሽ ውሸቱ ገዢዋ ጋ ይደርሳል።

ዕቃው በእርግጥ መላኩ የሚታወቀው ፖስታ ቤቱ ሲቀበለውና ስካን ሲያደርገው ነው። ያን ጊዜ ገጹ ላይ USPS in possession of item ወይም Accepted የሚል መስመር ቦታና ሰዓት ይዞ ይወጣል። አንዳንዴ ሻጩ ብዙ ዕቃ በአንድ ላይ ሲያስረክብ የመጀመሪያው ስካን ይዘለልና ጥቅሉ በቀጥታ ከማከፋፈያ ጣቢያው ብቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ አንድ ሁለት ቀን ምንም አለማየት የሚያስደነግጥ አይደለም። በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ግን የትም ቦታ ስካን ካልታየ፣ እኔ ቀሚሱ አልተነሣም ብዬ ነው የምወስደው። ሻጩንም የምጠይቀው «መቼ ይደርሳል?» ብዬ ሳይሆን «የትኛው ፖስታ ቤት፣ በምን ቀን አስረከባችሁ? ደረሰኙን ላኩልኝ» ብዬ ነው። ያስረከበ ሰው ለዚህ መልስ አያጣም።

ሕጉም ከገዢዋ ጋር ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በፖስታ፣ በስልክና በኢንተርኔት ስለሚታዘዝ ዕቃ ያወጣው ደንብ አለ። መጀመሪያ የወጣው በ1975 ነው። ደንቡ መላክ ማለት ዕቃውን በአካል ለአጓጓዡ ማስረከብ ነው ብሎ በግልጽ ይደነግጋል። ሌብል ማተም መላክ አይደለም፤ ቁጥር መስጠትም መላክ አይደለም። ሻጩ በገባው ቃል ቀን፣ ምንም ቀን ካልጠቀሰም በ30 ቀን ውስጥ መላክ አለበት። የማይችል ከሆነ አዲሱን ቀን አሳውቆ፣ መጠበቅ ወይም ሰርዞ ገንዘብን በሙሉ መውሰድ ምርጫው የገዢው መሆኑን መንገር ግዴታው ነው። ወዳጄ ከተቀበለቻቸው መልእክቶች በአንዱም ላይ ይህ ምርጫ አልተጻፈም። ሁሉም «ታገሺ» ነበር የሚሉት።

ይህ «ታገሺ» ምን እንደሚሠራ ላሳይ። በክሬዲት ካርድ ለተከፈለ፣ ግን ላልደረሰ ዕቃ፣ በ1974 የወጣ ሌላ ሕግ ካርድ ሰጪውን ባንክ እንድንጠይቅ መብት ይሰጠናል። መብቱ ቀን አለው፤ ክፍያው የታየበት የመጀመሪያው ወርኃዊ መግለጫ ከተላከ በኋላ 60 ቀን ነው። የወዳጄ መግለጫ የተላከው ማርች 20 ነው። ስለዚህ በሕጉ የተቆረጠላት የመጨረሻ ቀን ሜይ 19 ነበር። የሻጩን መልእክቶች ከዚህ ቀን ጎን ብትደረድሯቸው እያንዳንዱ ለሻጩ ጊዜ ይገዛለታል። ወደ ፖስታ ቤት የሄደችው ቀኑ ሊያልፍ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። አንዳንድ ባንኮች ቀኑን ዕቃው ይደርሳል ከተባለበት ጀምረው በመቁጠር ያራዝማሉ፤ ነገር ግን ያ የባንኩ በጎ ፈቃድ እንጂ በሕግ የምንይዘው አይደለም።

እኛ ደግሞ ይሉኝታ ያስቸግረናል። «ምናልባት ታሞ ይሆናል፣ ምናልባት ሠራተኛ አጥቶ ይሆናል፣ ለአንድ ቀሚስ ብዬ ሰው እከሳለሁ ወይ?» ትላለች ገዢዋ። እሷን የመሰሉ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። ለሰው መራራት ያደግንበት ነውና እንዲቀር አልመኝም። ነገር ግን ባንክን መጠየቅ ሰውን መክሰስ አይደለም። ሻጩ ከላከ የመጀመሪያውን ስካን አሳይቶ ጉዳዩን ይዘጋል፤ ካልላከ ደግሞ በ186 ዶላሯ ያለ ወለድ ሲሠራበት ቆይቷል ማለት ነው።

ወዳጄ ሜይ 6 ላይ ያደረገችው ይህን ነው። በባንኩ መተግበሪያ ላይ ዕቃው አልደረሰም የሚለውን መርጣ አመለከተች። ከዚያም ያንኑ በአጭር ደብዳቤ ጽፋ፣ የትእዛዙን ማረጋገጫ፣ የሻጩን መልእክቶችና የፖስታ ቤቱን ገጽ ፎቶ አያይዛ፣ በመግለጫው ጀርባ ላይ ለሂሳብ ጥያቄ ወደተሰጠው አድራሻ ተቀባዩ በሚፈርምበት ደብዳቤ ላከችው። ሕጉ የሚጠይቀው ጽሑፍን ነው፤ ስልክ መደወል ብቻውን መብቱን አያስከብርም። ባንኩ ደብዳቤው በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ መቀበሉን ማሳወቅ፣ በሁለት የሂሳብ ዙር፣ ቢበዛ በ90 ቀን ደግሞ ውሳኔ መስጠት አለበት። እስከዚያ ድረስ በክርክር ላይ ያለውን ገንዘብ እንድትከፍል አትገደድም፤ አልከፈለችም ተብሎም ስሟ አይጠፋም።

ማመልከቷን ባንኩ ለሻጩ ባሳወቀ በሦስተኛው ቀን ሻጩ ራሱ ጻፈ። አቤቱታውን ካነሣሽ ከሱቁ የምትገዢበት የ200 ዶላር ካርድ እሰጥሻለሁ አላት። ቁጥሩ ከከፈለችው ይበልጣል፤ ግን ገንዘብ አይደለም፤ ያልላከላትን ሻጭ መልሳ እንድታምን የሚጠይቅ ነው። እዚህ ላይ በአደባባይ የተወሰነ ጉዳይ አለ። በኤፕሪል 2020 ፋሽን ኖቫ የተባለው የካሊፎርኒያ ልብስ ሻጭ ዕቃ በጊዜው ባለመላክና ላልተላከው ዕቃ ገንዘብ በመመለስ ፈንታ የስጦታ ካርድ በመስጠት በንግድ ኮሚሽኑ ተከሶ፣ 9.3 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማምቷል። ኮሚሽኑ የያዘው አቋም ላልተላከ ዕቃ የሚመለሰው የተከፈለው ገንዘብ ነው የሚል ነው። ወዳጄም የሻጩን ካርድ አልተቀበለችም።

ኮሚሽኑ የእያንዳንዱን ሰው ጉዳይ ይዞ አይከራከርም፤ አቤቱታዎችን ያከማቻል፣ ሲበዙ ይከሳል። እንዲህም ሆኖ ReportFraud.ftc.gov ላይ መጻፍ ዋጋ አለው። የሜሪላንድ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል ግን በሻጩና በገዢው መካከል ገብቶ ያስማማል።

ባንኩን የመጠየቁ መብት የሚሠራው ግን በክሬዲት ካርድ ስለከፈለች ነው። ማኅበረሰባችን ውስጥ ለሠርግና ለክርስትና የሚታዘዘው ልብስ ብዙ ጊዜ የሚከፈለው በዜል ነው። ተቀባዩ የተመዘገበ ከሆነ በዜል የተላከ ገንዘብ ወዲያው ይገባል፣ መሰረዝም አይቻልም፤ ላኪዋ ራሷ ስለፈቀደችውም ባንኩ ለማስመለስ ብዙም አይንቀሳቀስም። አዲስ አበባ ያሉ እህቶቻችንም ከቴሌግራም ሱቆች ሲያዝዙ በቴሌብር ወይም በባንክ ሙሉውን አስቀድመው ሲያስገቡ እዚያው ቦታ ላይ ናቸው። በእንዲህ ዓይነት ክፍያ ቀብድ ብቻ ሰጥቶ ቀሪውን ዕቃው እጅ ሲገባ መክፈል ከማንኛውም አቤቱታ ይሻላል። ሐቀኛ የሆነ ሻጭም ይህን አይጠላም፤ በየሰፈራችን ያሉ ልብስ ሰፊዎች ድሮም የሚሠሩት በቀብድ ነው።

ለእኔ ግን መፍትሔውን ሁሉ ለገዢዋ ማሸከም አይዋጥልኝም። «ዕቃዎ መንገድ ላይ ነው» የሚለው ኢሜይል ከመጀመሪያው ስካን በፊት እንዳይላክ መደረግ አለበት። የሱቆቹን ሶፍትዌር የሚሠሩት ኩባንያዎች የፖስታ ቤቱን መረጃ ያያሉ፤ ኢሜይሉን ከስካኑ ጋር ማያያዝ የሚያቅታቸው አይደለም። ኮሚሽኑም መላክን በአካል ማስረከብ ብሎ ከተረጎመ፣ ሌብል ብቻ አትሞ «ልኬያለሁ» የሚል ሻጭ ገዢውን እያሳሳተ ነው ብሎ ሊይዘው ይገባል።

ወዳጄ ለእህቷ ሠርግ ከጓደኛዋ የተዋሰችውን ሰማያዊ ቀሚስ ለበሰች። ባንኩ 186 ዶላሩን በጁላይ መለሰላት። ሱቁ እስከዛሬ ክፍት ነው፤ አረንጓዴው ቀሚስም አሁንም በ10 የሥራ ቀን ይላካል የሚል ጽሑፍ ይዞ ገጹ ላይ አለ።