«እምቢ ብሎ ፈርሟል» ማስረጃ አይደለም

ታካሚ የታዘዘለትን ሕክምና አልፈልግም ሲል ካርዱ ላይ የሚሰፍረው ብዙ ጊዜ አንድ መስመር ነው፦ «ተነግሮት እምቢ ብሏል፤ ፈርሟል።» ምን ተነገረው? በየትኛው ቋንቋ? ገብቶታል? መልስ የለም። አንዳንዴ የሚፈርመው ወንድም ነው። ራሱን የሚያውቅ አዋቂ ሰው አልጋው ላይ እያለ ወንድምየው ምን አግብቶት?

እንበል የስኳር ሕመምተኛ የሆኑ አባት የእግር ጣታቸው ጠቁሯል። ሐኪሙ ይቆረጥ ይላል፤ እሳቸው ጠበል እገባለሁ ይላሉ። ስኳራቸው ወርዶ ወይም ኢንፌክሽኑ ግራ አጋብቷቸው ከሆነ የዚያ ሰዓት እምቢታ ሊጸና አይገባም፤ መጀመሪያ ያ ይታከማል፣ ከዚያ እንደገና ይጠየቃሉ። ስለዚህ የስኳሩ ልክ ከነሰዓቱ ይጻፍ። ጠበል መምረጣቸው ግን ለብቻው «አእምሯቸውን ስተዋል» አያሰኝም።

ቀጥሎ የተነገራቸው ይዘርዘር፦ ጣቱ ካልተቆረጠ ኢንፌክሽኑ ወደ እግር ሊወጣ፣ ወደ ደምም ሊገባ እንደሚችል። «ገባዎት?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ነጭ ጋውን ፊት «አዎ» የማይል ማን አለ? «ቤት ሲገቡ ለልጆችዎ ምን ብለው ይነግሯቸዋል?» ይባሉና መልሳቸው በራሳቸው አፍ ይስፈር፦ «እግሬን ላጣ፣ ልሞትም እንደምችል ነግረውኛል። ገብቶኛል፤ ግን አልቆረጥም።»

«ፊርማው ከክስ ያድነናል» የሚሉ ሐኪሞች አሉ። ፊርማ ብቻውን የሚያሳየው ወረቀት መፈረሙን ነው። ደግሞስ ቁስሉን የማጠብ፣ አንቲባዮቲክ የማዘዝ፣ «ትኩሳት ከመጣ ዛሬውኑ ይመለሱ» የማለት ግዴታ በእምቢታቸው ቀረ እንዴ? ያም ካርዱ ላይ መኖር አለበት።