የቀድሞው አሠሪ የሚጠየቀው ስለ ሥራው ብቻ ይሁን

በሜሪላንድ ግዛት አረጋውያንን በየቤታቸው በመንከባከብ ለአራት ዓመታት የሠራች አንዲት እህታችን በሌላ ኤጀንሲ ለመቀጠር አመለከተች እንበል። አዲሱ ኤጀንሲ ገና ሥራውን ሳይሰጣት ለቀድሞ አሠሪዋ የሪፈረንስ ቅጽ ይልካል። በቅጹ ላይ አምስት ጥያቄዎች ሰፍረዋል፦ ባለፈው ዓመት ስንት ቀን ታመመች? በሥራ ላይ ተጎድታ ካሳ ጠይቃለች? የመጨረሻ ደመወዟ ስንት ነበር? ጠባይዋ እንዴት ነው? መልሳችሁ ትቀጥሯታላችሁ? ከአምስቱ አንዱም እንኳ ሕመምተኛን ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር በደኅና ማዛወር ትችል እንደሆነ አይጠይቅም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ሕግ ይጥሳሉ። የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ አሠሪ ሥራውን ከመስጠቱ በፊት ስለ ሕመምና ስለ ጉዳት እንዳይጠይቅ ይከለክላል። የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን በ1995 ባወጣው መመሪያ ደግሞ አሠሪ አመልካቹን ራሱን ሊጠይቀው የማይችለውን ከቀድሞ አሠሪውም ሊጠይቅ እንደማይችል በግልጽ አስቀምጧል። ሦስተኛውን የሜሪላንድ ሕግ ከጥቅምት 2020 ጀምሮ ከልክሏል፤ የደመወዝ ታሪክን ከአመልካቹም ሆነ ከቀድሞ አሠሪው መጠየቅ አይፈቀድም። ትናንት የተከፈለ ዝቅተኛ ደመወዝ ለነገው ደመወዝ ጣሪያ እንዳይሆን ነው።

የቀሩት ሁለቱ ሕግ ባይከለክላቸውም አደገኞች ናቸው። «ጠባይ» የሚለው ቃል መለኪያ ስለሌለው፣ መላሹ የአነጋገር ቅላጼዋን፣ ሃይማኖቷን ወይም ዝምተኛነቷን ሊያስገባበት ይችላል። «መልሰን አንቀጥራትም» የሚለው መልስም ምክንያቱን ይደብቃል። ሕመምተኛ አንገላታ ይሁን ወይስ ስለ መድልዎ አቤቱታ አቅርባ፣ ከወረቀቱ ላይ አይታወቅም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1997 በሮቢንሰንና በሼል ኦይል ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ የመድልዎ አቤቱታን በክፉ ሪፈረንስ መበቀል የቀድሞ ሠራተኛም ሊከስበት የሚችል ጥፋት መሆኑን አረጋግጧል። ነገር ግን ምክንያቱ ያልተጻፈ በቀል በምን ይረጋገጣል?

ስለዚህ ጥያቄው ከሥራው ዝርዝር መነሣት አለበት። ከላይ ለተጠቀሰው ሥራ ደብዳቤው እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«አመልካቿ በፈቀደችልን መሠረት የሚከተሉትን እንጠይቃለን። ከመቼ እስከ መቼ፣ በምን የሥራ መደብ ሠራች? ሕመምተኛን በማዛወር፣ በማጠብና የዕለት መዝገብ በመጻፍ ከሠራቻቸው ውስጥ በቀጥታ ያያችሁት የትኛውን ነው? እንዴትስ ሠራችው? ከተፈቀደ ፈቃድ ውጭ፣ ሳታሳውቅ ከተራዋ የቀረችበት ጊዜ አለ? ሕመምተኛን ስለ መጉዳት ወይም ንብረት ስለ መውሰድ ተመርምሮ በጽሑፍ የተረጋገጠ ጥፋት አለ? ስለ ጤና፣ ስለ ሕመም ፈቃድ፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ትውልድ አገር፣ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ካሳ ወይም ስለ ደመወዝ እንዳትጽፉልን እንጠይቃለን።»

የሦስተኛውን ጥያቄ አቀራረብ ልብ ይሏል። በደፈናው «ስንት ቀን ቀረች?» ብሎ መጠየቅ በሕግ የተጠበቀውን የወሊድና የሕክምና ፈቃድ ከስንፍና ጋር ይደምራል። «ከተፈቀደ ፈቃድ ውጭ» የሚለው ሐረግ ግን አሠሪው በእርግጥ ማወቅ የሚገባውን ለይቶ ያወጣል። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርም ለአሠሪው ራሱ መከላከያ ነው፤ ያልጠየቀውን ምሥጢር ከተቀበለ በኋላ በእርሱ አልተመራሁም ብሎ ማሳመን ይከብደዋልና።

አሠሪዎች «የምንልከው ወደ ደካሞች ቤት ስለሆነ ሁሉን ማወቅ አለብን» ይላሉ። ሥጋቱ እውነተኛ ነው፤ መፍትሔው ግን ስለ ተረጋገጠ ጥፋት በቀጥታ መጠየቅ እንጂ ስለ ሕመም ቀናት መመርመር አይደለም። አመልካቿ የፈረመችው ፈቃድም ሕገ ወጡን ጥያቄ ሕጋዊ አያደርገውም። ብዙ የቀድሞ አሠሪዎች ክስ ፈርተው ከቀንና ከሥራ መደብ በቀር አይመልሱም፤ ይህ ዝምታ በአመልካቿ ላይ ሊቆጠር አይገባም።

የሕግ አውጭ ጽሕፈት ቤቶች ሊሞሉት የሚገባ ክፍተት አለ። የፌዴራሉ የአካል ጉዳተኞች ሕግ የሚሠራው 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሏቸው አሠሪዎች ላይ ነው፤ ከዚያ የሚያንሱ ኤጀንሲዎች በግዛት ሕግ ካልተያዙ ያመልጣሉ። ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የግዛት ሕግ ለቀድሞ አሠሪ የሚቀርብን ጥያቄ በስም ጠቅሶ፣ የሠራተኛ ቁጥር ሳይገድበው፣ ከሥራው ዝርዝር ጋር ያስር። ሁለተኛ፣ አመልካች የተላከውን ጥያቄና የመጣውን መልስ ቅጂ የማግኘት መብት ይኑራት። ስለ እርሷ ምን እንደተጠየቀ የማታውቅ ሠራተኛ ስለ ተፈጸመባት በደል አቤት ልትል አትችልም።