ጠበቃው በመጨረሻ ምን ይበል?

ተማሪዎች ሆይ፣ በትምህርት ቤታችሁ ምስለ ችሎት ሲዘጋጅ ለተከሳሹ ጠበቃ እንድትሆኑ ተመርጣችሁ ታውቁ ይሆናል፤ ካልሆነም አንድ ቀን ተራው ይደርሳችኋል። ዐቃቤ ሕግ የሆነው ጓደኛችሁ ምስክሮቹን አሰምቶ ሲጨርስ፣ እናንተም የመከላከያ ምስክሮቻችሁን ስታሰሙ፣ ዳኛው የክርክር ማቆሚያ ንግግር እንድታደርጉ ይፈቅዱላችኋል። በዚህ ጊዜ ብዙ ተማሪዎች የሚያደርጉትን ተመልክቻለሁ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ስለ ተከሳሹ ድህነት፣ ስለ እናቱ ሕመም፣ ስለ ታናናሾቹ ረኀብ ይናገራሉ፤ በመጨረሻም ፍርድ ቤቱ እንዲራራለት ይለምናሉ። ተመልካቹም ያጨበጭባል። እኔ ግን እንዲህ ያለው ንግግር ተከሳሹን ይጎዳዋል እንጂ አይጠቅመውም እላለሁ። ምሕረት የሚለመነው ለጥፋተኛ ነው። ስለዚህ ጠበቃው ምሕረት በለመነ ቁጥር «ደንበኛዬ ሰርቋል» ብሎ እንደ መሰከረ ይቆጠራል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆንላችሁ ለምስለ ችሎት የተፈጠረ አንድ ጉዳይ ላቅርብ። አንድ የ20 ዓመት ወጣት የተበላሸ ብስክሌቱን ለጠጋኝ ሰጥቶ የመጠገኛውን 400 ብር አስቀድሞ ከፈለ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሊወስድ ሲመጣ ጠጋኙ ከቤት ውስጥ ዕቃውን ይሰበስብ ነበር። ወጣቱ ከግድግዳው ጋር ተደግፎ የቆመ ጥቁር ብስክሌት ይዞ ሄደ። ብስክሌቱ ግን የእርሱ ሳይሆን የሌላ ደንበኛ ነበር። የእርሱ ብስክሌት እዚያው ቀረ። በማግሥቱ ጧት የባለቤቱ ወንድም ብስክሌቱን በወጣቱ ቤት ደጃፍ፣ በመንገዱ ዳር ቆሞ አገኘው። «የማንን ብስክሌት ነው ያመጣኸው?» ብሎ ቢጠይቀው «የራሴን ነው» ሲል መለሰለት። በዚህም ምክንያት ወጣቱ በስርቆት ተከሰሰ።

ጠበቃው ንግግሩን ከመጻፉ በፊት ሕጉን ማየት አለበት። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 665 ስርቆት የሚለው፣ አንድ ሰው የማይገባውን ጥቅም ለራሱ ለማግኘት ወይም ለሌላ ለማስገኘት አስቦ የሌላውን ሰው ተንቀሳቃሽ ንብረት ሲወስድ ነው። አሁን እነዚህን ነጥቦች አንድ በአንድ በጉዳያችን ላይ አስቀምጧቸው። ብስክሌት ተንቀሳቃሽ ነው፤ የሌላ ሰው ንብረት ነበር፤ ወጣቱ ወስዶታል። በእነዚህ ላይ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው። የቀረው አንድ ነጥብ ሐሳቡ ብቻ ነው። ሲወስደው የሰው መሆኑን ዐውቆ ነበርን? የራሱ መስሎት ከሆነ፣ ይኸው ሕግ በአንቀጽ 80 እንደሚለው፣ የሚፈረድለት ወይም የሚፈረድበት እርሱ እውነት መስሎ በታየው ሁኔታ መሠረት ነው። የራሱን ብስክሌት የወሰደ ደግሞ ሌባ አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚወድቁበት ጉድጓድ አለ። ጠበቃው ክርክሩ እንዲበዛለት ብሎ «ደንበኛዬ ብስክሌቱን አልወሰደም፤ ቢወስድም እንኳ የራሱ መስሎት ነው» ይላል። ሁለቱ ክርክሮች ይጣላሉ። ዳኛው የመጀመሪያውን ውሸት መሆኑን ካዩ ሁለተኛውንም አያምኑም። ጠበቃ መምረጥ አለበት፤ የመረጠውንም ብቻ ይዞ እስከ መጨረሻው መሄድ አለበት።

እንግዲህ ንግግሩ እንዲህ ቢባል እወዳለሁ፦

«የተከበሩ ዳኛ፣ ደንበኛዬ ብስክሌቱን መውሰዱን አንክድም። ጠጋኙ በመስቀለኛ ጥያቄ የተናገሩትን ግን ያስታውሱልኝ። ጊዜው ጨለማ እንደ ነበር፣ በደጁ መብራት እንዳልነበረ፣ ሁለቱም ብስክሌቶች ጥቁርና የአንድ ፋብሪካ ሥሪት እንደሆኑ ነግረውናል። እርሳቸው ራሳቸው ከውስጥ ሆነው ‹ውጭ ቆሞልሃል፣ ውሰድ› እንዳሉትም አልሸሸጉም። ደንበኛዬ የወሰደው ውሰድ የተባለውን ነው። ያደረበትንም ይመልከቱ። በጓዳ አልደበቀውም፤ መንገደኛ ሁሉ በሚያየው ደጃፍ አቆመው። የራሱን ብስክሌት፣ 400 ብር የከፈለበትን፣ ስሙንና ቤቱን በሚያውቁት ጠጋኝ እጅ ትቶ ሄዷል። ‹የራሴን ነው› ማለቱን ዐቃቤ ሕግ ውሸት ይሉታል። የራሱ የመሰለው ሰው ከዚህ ሌላ ምን ይመልስ ነበር?»

አስተውሉ፤ በዚህ ንግግር ውስጥ ከምስክር አፍ ያልወጣ ነገር የለም።

ይሁን እንጂ ለተከሳሹ የማይመች አንድ ነገር አለ። የተወሰደው ብስክሌት በመሪው ላይ ደወል ነበረው፤ የወጣቱ ግን ደወል አልነበረውም። ዐቃቤ ሕጉ ይህን ደጋግሞ ያነሣዋል። ደካማ ጠበቃ ደወሉን እንዳልሰማ ሆኖ ያልፈዋል፤ ዳኛው ግን አይረሱትም። ሌላው ደግሞ «ምናልባት ወጣቱ ጠጋኙ በስጦታ የገጠመለት መስሎት ይሆናል» ይላል። ይህ የባሰ ነው። ይህን የተናገረ ምስክር የለም፤ ጠበቃውም ምስክር አይደለም። ማስረጃ መሰማት ካበቃ በኋላ አዲስ ነገር መጨመር አይፈቀድለትም። እኔ ብሆን ደወሉን ራሴ አነሣዋለሁ፤ «ደወሉ በቀን ብርሃን በግልጽ ይታያል፤ መብራት በሌለበት ደጅ፣ ለመሄድ የቸኮለ ሰው ሳያየው ሊቀር ይችላል» ብዬ እዚያው ላይ አቆማለሁ። ያላስተዋለ ሰው ቸልተኛ ይባል ይሆናል፤ ስርቆት ግን አስቦ የሚፈጸም ወንጀል ስለሆነ በቸልተኝነት ብቻ አያስቀጣም።

ወጣቱ ደወሉን ነቅሎ ጥሎ ቢሆንስ? ወይም ብስክሌቱን በማግሥቱ ለመሸጥ ሲያስማማ ተይዞ ቢሆንስ? ያን ጊዜ «የራሴ መሰለኝ» የሚለው ክርክር ዋጋ የለውም፤ በራሱ ብስክሌት ላይ ያልነበረን ደወል የነቀለ ሰው ተሳሳትኩ ሊል አይችልምና። ስለዚህ ጠበቃ የትኛውን ክርክር እንደሚይዝ የሚወስነው የምላሱ ቅልጥፍና ሳይሆን ማስረጃው ነው። በጥንቱ የበላ ልበልሃ ሙግት አንደበተ ርቱዕ የሆነ ተሟጋች በአነጋገሩ ብቻ ይደነቅ ነበር፤ ያም የሚያኮራ ቅርሳችን ነው። የወንጀል ክስ ግን ነጥቦቹ በሕግ ተቈጥረው የተቀመጡ ስለሆነ፣ ያማረ ቃል የጎደለውን ነጥብ አይሞላም።

አንዳንዶቻችሁ «ይህ ሁሉ ወጣቱ ንጹሕ መሆኑን አያረጋግጥም» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ አያረጋግጥም። የራሱ ብስክሌት አሮጌ ስለሆነ ሆነ ብሎ ለውጦት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ጥፋተኛ ነው እስካልተባለ ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት ይሰጠዋል። ስለዚህ ተከሳሹ ንጽሕናውን እንዲያረጋግጥ አይጠበቅበትም፤ ጥፋቱን ማረጋገጥ ያለበት ዐቃቤ ሕጉ ነው። ጠበቃው ማሳየት ያለበት፣ በማስረጃው ላይ የቆመ ምክንያታዊ ጥርጣሬ መኖሩን ነው። ይህንንም በንግግሩ ውስጥ በግልጽ ይናገር፤ «ዳኛው ያውቁታል» ብሎ አይለፈው።

የእናቱ ሕመምና የታናናሾቹ ረኀብስ? እነርሱም ጊዜ አላቸው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ስለ ቅጣት የሚነገረውን ከጥፋተኝነት ውሳኔ በኋላ አስቀምጦታል። ተከሳሹ ጥፋተኛ ከተባለ፣ ጠበቃው ዳግመኛ ተነሥቶ ቅጣቱን ሊያቀልሉ የሚችሉትን ምክንያቶች ይዘረዝራል። ከዚያ በፊት የሚያቀርበው ልመና አንድ ብቻ ነው፤ «ዐቃቤ ሕግ ደንበኛዬ የሰው ንብረት መሆኑን ዐውቆ መውሰዱን ስላላስረዱ፣ በነፃ እንዲሰናበት አመለክታለሁ» ብሎ ይቀመጣል።