የቲቢ መድኃኒት የምትወስደውን ሴት ስለ ክንዷ ማን ይጠይቃት?

«ኢምፕላንት ክንዷ ላይ እያለ አረገዘች» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ሰው ወዲያው መድኃኒቱ ተበላሽቷል ይላል፣ ወይም የቀበረችውን ባለሙያ ይወቅሳል። አንዳንዴም ሴትየዋ ራሷ ትታማለች። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ ሰሞኑን የቲቢ መድኃኒት ትወስድ ነበር?

አንዲት የጉደር ሴት እናስብ። ሁለት ልጆች አሏት፣ ለጊዜው ሦስተኛ አትፈልግም። ሠፈሯ ባለው ጤና ኬላ ለሦስት ዓመት የሚያገለግለውን ኢምፕላኖን አስቀበረች። ቀጭኗ ዘንግ 68 ሚሊግራም ሆርሞን ይዛለች፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀን ከ60 እስከ 70 ማይክሮግራም ትለቃለች፣ ከዓመት በኋላ ወደ 40 ገደማ ዝቅ ይላል። ከአንድ ሚሊግራም አንድ አስረኛ እንኳ አይሞላም። ይህችው ጥቂት ግን እርግዝናን ለመከላከል ትበቃለች።

ከዓመት ተኩል በኋላ ሳል ያዛትና አምቦ ሄዳ ተመረመረች፤ ቲቢ ተገኘባት። ሕክምናው ስድስት ወር ነው፦ ሁለት ወር አራት መድኃኒት፣ ከዚያ አራት ወር ሁለት መድኃኒት። ሪፋምፒሲን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀን አለ። ነርሷ «ሽንትሽ ብርቱካንማ ይሆናል፣ እንዳትደነግጪ» ትላታለች። ጥሩ ምክር ነው። ስለ ክንዷ ግን ማንም አልጠየቃትም፤ የቤተሰብ ምጣኔ ካርዷ ጤና ኬላ፣ የቲቢ ካርዷ ሌላ ቦታ ነዋ።

ጉበትን እንደ ወፍጮ ቤት ቁጠሩት። መድኃኒትና ሆርሞን የሚፈጩት ኢንዛይም በሚባሉ ወፍጮዎች ነው፤ ለብዙ መድኃኒት ትልቁ ወፍጮ ሲዋይፒ 3ኤ4 ይባላል። ሪፋምፒሲን ጉበት ሴል ውስጥ ገብቶ «ተጨማሪ ወፍጮ ይሠራ» የሚል ትዕዛዝ ያስተላልፋል። ወፍጮ ለመሥራት ቀናት ይፈጃል፤ ስለዚህ ውጤቱ በአንድ ቀን አይታይም፣ በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ግን ከፍተኛው ላይ ይደርሳል። ዘንጓ የምትለቀው ያው ጥቂት ሲሆን የሚፈጨው በዛ፤ ደም ውስጥ የሚቀረው ሆርሞን እርግዝናን ከሚከለክለው መጠን ሊወርድ ይችላል። ሪፋምፒሲን ካለቀ በኋላም ወፍጮዎቹ በአንዴ አይፈርሱም፤ ሳምንታት ይቆያሉ። የአምራቹ መመሪያ በሕክምናው ጊዜና ከዚያ በኋላ ለ28 ቀናት ሆርሞን የሌለው ሌላ መከላከያ እንዲጨመር የሚያዘው ለዚህ ነው። ችግሩ ሴትየዋ የምታውቅበት ምልክት አለመኖሩ ነው። ደም መዛባት በኢምፕላኖን ያለዚያም የተለመደ ነውና ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም።

ተቃራኒውም አለ፤ ወፍጮውን የሚያቆም መድኃኒት። ለጨጓራ ባክቴሪያ ከሚታዘዙት አንዱ ክላሪትሮማይሲን ይህንኑ 3ኤ4 ያግዳል። የሚጥል በሽታ ያለበት ካርባማዜፒን የሚወስድ ሰው ይህን ሲጨምርበት ካርባማዜፒኑ ሳይፈጭ ደሙ ውስጥ ይከማቻል። እዚህ ቀናት ብቻ ይበቃሉ፤ ያለው ወፍጮ ቆመ እንጂ አዲስ አልተሠራማ። ሰውየው ይንገዳገዳል፣ አንዱን ነገር ሁለት ሆኖ ያየዋል፣ ያንቀላፋል። ቤተሰብ «በሽታው ባሰበት» ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ወደ ጉደሯ ሴት ስንመለስ፣ የሚያሳስበኝ ይህን የሚያነብ ሰው የቲቢ መድኃኒቷን እንዳያስቆማት ነው። እሱ ከእርግዝናው የከፋ አደጋ ነው። ኢምፕላኖኑንም የግድ ማውጣት አያስፈልግም፤ ስድስት ወርና ተከታዩን አራት ሳምንት ኮንዶም መጨመር ይቻላል። ሆርሞን የሌለው ሉፕ ከወፍጮው ጋር ጉዳይ የለውም። ዲፖ መርፌም መጠኑ ትልቅ ስለሆነ ከኢምፕላንት በተሻለ ይቋቋማል፤ ቀጠሮው ግን አይለፍ። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል እንደ ኢምፕላንቱ ይዳከማል፣ ስለዚህ መፍትሔ አይሆንም። ፌኖባርቢታል ወይም ካርባማዜፒን ለዓመታት የምትወስድ ሴት ከሆነች ደግሞ ኮንዶም ጨምሮ መጠበቅ አያዋጣም፤ እነዚህም ወፍጮ ያበዛሉና ከመጀመሪያው ሌላ ዘዴ መምረጥ ይሻላል።

«ነርሶቹ ሥራ በዝቶባቸዋል» የሚል መልስ እጠብቃለሁ። እውነት ነው። ግን የቲቢ ክፍል የምትሠራ ነርስ ስለ ሽንት ቀለም ለመናገር ጊዜ ካገኘች «ክንድሽ ላይ የተቀበረ ነገር አለ?» ለማለትም ታገኛለች፤ ሴትየዋ በሚገባት ቋንቋ፣ በምዕራብ ሸዋ ብዙ ጊዜ በአፋን ኦሮሞ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም የቲቢ ሕሙማንን ቤታቸው ድረስ ሄዳ የምትከታተል ናት፤ ኢምፕላንቱን የቀበረችው ራሷ ልትሆን ትችላለች። ሁለቱን ካርዶች የሚያገናኝ ሰው ካለ እሷ ናት፣ ግን ሪፋምፒሲን እና ኢምፕላንት እንደሚነካኩ ካልተነገራት ከየት ታመጣዋለች?