ሁለት ፎቶግራፍ፣ አንድ ፀሐይ!

ለማኅበራችን አባላትና ለሰፈሩ ነዋሪዎች በሙሉ፤

በዚህ ሰሌዳ ላይ ሁለት ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ተለጥፈው ሰንብተዋል። የመሰብሰቢያ አዳራሻችን ፎቶግራፎች ናቸው። በግራ ያለው «ከእድሳት በፊት»፣ በቀኝ ያለው «ከእድሳት በኋላ» ይላል። ከሥራቸው ደግሞ በዚሁ ዓይነት ለሚታደሱት ቤቶች መዋጮ እንድንከፍል የሚጠይቅ ማስታወቂያ አለ። ያየ ሁሉ «እሰይ!» ብሎ ያልፋል። እኔ ግን እስቲ ቆም እንበል እላለሁ። መዋጮው አይከፈል አላልኩም። በእነዚህ ሁለት ፎቶግራፎች ተመርኩዘን አንወስን ነው የምለው።

ለምን ቢባል፣ የግራው የተነሳው በሐምሌ ነው፤ የቀኙ በታኅሣሥ። ሰማዩ፣ ጭቃው፣ ሣሩ ይመሰክራል። አዳራሹ ፊቱን ወደ ደቡብ የሰጠ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። እንግዲህ አሶሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ስለሆነም ከሚያዝያ 8 ገደማ እስከ ነሐሴ 21 ገደማ የቀትር ፀሐይ የምታልፈው ከአናታችን በስተሰሜን ነው። በሐምሌማ ሰማዩ ጥርት ቢል እንኳ የአዳራሹ ፊት ቀኑን ሙሉ ጥላ ውስጥ ነው፤ ፀሐይ በጀርባው ነች። በታኅሣሥ ግን ነገሩ ተገልብጦ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ የምትመታው ያንኑ ፊቱን ነው። ታዲያ አንድ ብሩሽ ቀለም ሳይቀባ፣ አንድ ሚስማር ሳይመታ፣ ያንኑ አሮጌ ግድግዳ በሐምሌና በታኅሣሥ ብናነሳው፣ የታኅሣሡ «የታደሰ» አይመስልም ወይ? የገንዘባችንን ሥራና የፀሐይዋን ሥራ በምን እንለየው?

አንዳንዶች «ይህ ለማስታወቂያ ነው፤ ችሎት ፊት የሚቀርብ ማስረጃ አደረግኸው እንዴ?» ይሉኛል። ገንዘብ የሚያስከፍል ፎቶግራፍ ማስረጃ ነው! ማስረጃ ካልሆነ ደግሞ ከመዋጮው ማስታወቂያ በላይ ምን አስቀመጠው?

ነገሩ የቀለም ድምቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተከራከርኩ። በእድሳቱ ከወጣው ገንዘብ ትልቁ የገባው ክፈፉን ለማስረዘም ነው። የቆርቆሮው ክፈፍ ከግድግዳው ይወጣ የነበረው 40 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ አሁን 80 ሆኗል ተብሏል። ይህ በአሶሳ ዝናብ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ቀዩ አፈር እየተፈናጠቀ የግድግዳውን እግር የሚያበላሸው፣ ልስኑን የሚያራግፈው፣ ውስጥ ያለውን ሽመል የሚያበሰብሰው ክፈፉ ሲያጥር ነውና። ታዲያ ክፈፉ በእርግጥ መርዘሙን ከፎቶግራፍ ማወቅ ይቻላል ወይ? ይቻላል። ግን በአንድ ፀሐይ የተነሱ ሲሆኑ ብቻ!

እንዲህ ነው። ኅዳር 12 ገደማ በቀትር ፀሐይዋ በደቡብ በኩል 60 ዲግሪ ከፍታ ላይ ትቆማለች። በዚያ ከፍታ ክፈፉ በግድግዳው ላይ ወደ ታች የሚጥለው ጥላ ርዝመት የክፈፉ አንድ ከሦስት ሩብ እጥፍ ገደማ ነው። 40 ሳንቲ ሜትር የወጣ ክፈፍ 70 ሳንቲ ሜትር ገደማ ጥላ ይጥላል፤ 80 የወጣው 1 ሜትር ከ40 ገደማ። በሁለቱ ፎቶግራፎች ፀሐይዋ አንድ ከሆነች ጥላው በእጥፍ መርዘሙን ሕፃን ልጅም በስንዝር ይለካዋል። የግንበኛው ቃል አያስፈልግም፤ ግድግዳው ራሱ ይናገራል።

አሁን ደግሞ ተንኮሉን ተመልከቱ። ያንኑ አሮጌ ባለ 40 ሳንቲ ሜትር ክፈፍ መጋቢት 12 ገደማ በቀትር ብታነሱት ፀሐይዋ 80 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ጥላው ከ2 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ግድግዳውን ከሞላ ጎደል ይሸፍነዋል። ክፈፉ አንዲት ጣት ሳይጨመርበት የረዘመ ይመስላል። አሁን በተለጠፉት ፎቶግራፎች ደግሞ የሐምሌው ምንም ጥላ የለውም፤ ስለዚህ የታኅሣሡ ጥላ ከምንም ጋር አይነጻጸርም። ክፈፉ ረዝሞ ከሆነ፣ ሠሪዎቹም መልካም ሥራቸውን ማሳየት አልቻሉም ማለት ነው። ጉዳቱ የከፋዩ ብቻ ሳይሆን የሠሪውም ነው።

«ታዲያ አንድ ፀሐይ ከየት ይምጣ? እድሳት ሁለት ወር ይፈጃል፤ ፀሐይ ትጠብቃለች እንዴ?» የሚል አለ። አዎን፣ ትመለሳለች! ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ርቃ የምትመለስበት ቀን ታኅሣሥ 12 ገደማ ነው። ከዚያ ቀን በፊት በአንድ ወር የሄደችበትን መንገድ ከአንድ ወር በኋላ መልሳ ትሄድበታለች። ስለዚህ ኅዳር 12 «በፊት»ን ያነሳ ሰው ጥር 13 ገደማ «በኋላ»ን ማንሳት ይችላል። በመካከሉ ሁለት ወር ሥራ አለ። በጋ ስለሆነም ሰማዩ አያስቸግርም።

እዚህ ላይ ግን ሰዓትን አትመኑ። በአሶሳ እውነተኛው ቀትር ኅዳር 12 የሚውለው 6 ሰዓት ከ28 ገደማ ሲሆን ጥር 13 ግን 6 ሰዓት ከ53 ገደማ ነው። በሰዓት አንድ ቢሆኑም በፀሐይ 25 ደቂቃ ይለያያሉ። መድኃኒቱ ርካሽ ነው። አንድ ሜትር ዱላ ቀጥ አድርጎ መትከል፣ የመጀመሪያው ፎቶግራፍ ሲነሳ የዱላው ጥላ ጫፍ ባረፈበት ላይ ሚስማር መምታት፣ ሁለተኛው ጊዜ ጥላው ሚስማሩን እስኪነካ ጠብቆ ማንሳት ነው። በቃ! ዱላው እንዳይነቀል ብቻ ልጆችን አደራ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የካሜራው ቦታ ነው። የተለጠፈው የቀኙ ፎቶግራፍ አዳራሹን ሰፊ ያስመሰለው ወደ ግድግዳው ተጠግቶ በስልኩ 0.5x ስለተነሳ ነው። በቅርብ ያለው ጥግ ይለጠጣል፣ በሩቅ ያለው ይኮማተራል። አዳራሹ ግን አልሰፋም፤ ወንበር ቆጥሮ ማረጋገጥ ይቻላል። ሁለቱም ከአንድ ቦታ፣ ከአንድ ቁመት፣ በ1x መነሳት አለባቸው። ቦታው በችካል ይመልከት። ችካሉ ቢጠፋ እንኳ ዘዴ አለ፤ በቅርብ ያለን ነገር በሩቅ ካለ ነገር ጋር ማጋጠም። የአጥሩ ምሰሶ ከኋላ ካለው የማንጎ ግንድ ጠርዝ ጋር የገጠመበትን ቦታ ያዙ። ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን ብትሉ ይለያያሉ።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት አብረው የመጡ ወታደር ፎቶግራፍ አንሺዎች የሰሜን ኢትዮጵያን ተራሮች አንስተው ነበር። ከ140 ዓመት በኋላ የቤልጅጉ ምሁር ጃን ኒሰንና ባልደረቦቹ እነዚያን ቦታዎች ፈልገው፣ ቅርቡን ከሩቁ እያጋጠሙ፣ እንደገና አነሷቸው። ጥንት ሁሉ ደን ነበር፣ አሁን ሁሉ ተራቁቷል ሲባል የኖረው እንዳልሆነ የታየው በዚህ ነው፤ ብዙዎቹ ገደላገደሎች ከ1868ቱ ይልቅ ዛሬ ዛፍና ቁጥቋጦ በዝቶባቸው ተገኙ። ተራራ ከ140 ዓመት በኋላ ከአንድ ቦታ ከተነሳ፣ የእኛን አዳራሽ ከሁለት ወር በኋላ ማንሳት ምን ያቅታል?

ሦስተኛው ጉዳይ ካሜራው ራሱ የሚሠራው ሥራ ነው። ስልክ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ብርሃን ላይ ማድረግ ይወዳል። ጠቆር ያለውን የጭቃ ግድግዳ ያነጣዋል፤ ነጩን ቀለም ያጠቁረዋል። መፍትሔው ለስብሰባ የምንጽፍበትን ትልቅ ነጭ ወረቀት ከአዳራሹ ፊት በፀሐይ ላይ መወጠር፣ በስልኩ ስክሪን ላይ ወረቀቱን ተጭኖ መያዝና ብርሃኑን መቆለፍ ነው። AE/AF LOCK ብሎ የሚያሳይ ስልክ አለ። ሁለተኛው ጊዜም በዚያው ወረቀት ላይ እንደዚያው ይደረግ። ከዚያ በኋላ ለማንም መመርመሪያው ቀላል ነው። ወረቀቱ በአንዱ ነጭ፣ በሌላው ግራጫ ወይም ቢጫ ከመሰለ ጥንዱ አይጣጣምም፤ ይውረድ።

በመጨረሻ፣ መለወጥ ያለበት ሥራው ብቻ ነው። በግራው ፎቶግራፍ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ የተሰበረ ወንበርና ኩሬ አለ። በቀኙ ግቢው ተጠርጓል፣ አበባም በቆርቆሮ ተደርድሯል። መጥረግ መልካም ነው፤ ግን የመጥረጊያ እንጂ የእድሳት ውጤት አይደለም፤ መዋጮም አይጠይቅም። ስለዚህ «በፊት» የሚነሳው ግቢው ከተጠረገ በኋላ ይሁን።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ፎቶግራፍ የማያሳየው አለ። ምስጥ የገባበትን ቋሚ ቀለም ይሸፍነዋል። ክፈፉ ሥራውን መሥራቱም የሚታወቀው አንድ ክረምት አልፎ በግድግዳው እግር ላይ ያለው የቀይ ጭቃ ፍንጥቅጣቂ ሲታይ ነው። ስለሆነም ከችካሉ ላይ በጥቅምት ሦስተኛ ፎቶግራፍ ይነሳ።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህንን ነው፤ የተለጠፉት ሁለቱ ይውረዱ። የአዳራሹ ክፈፍ አባላት ባሉበት በሜትር ይለካና ቁጥሩ በሰሌዳው ይጻፍ። አዲስ ከሚታደሱት ቤቶች ደግሞ አንዱም ችካል፣ ዱላና ነጭ ወረቀት ሳይኖረው መዶሻ አይነሳበት። ከሥራ በፊት ያልተነሳ «በፊት» ተመልሶ አይገኝምና!

ከአንድ የማኅበሩ አባል